ገና ያልዘነበ ዝናብ፦ የዳታ ችግርን ለኢኮኖሜትሪክስ መምህር እንዴት እናስረዳለን?

የተርም ፔፐር ማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ የመምህራን ኢሜይል በአንድ ዓይነት መልእክት ይጨናነቃል። «መምህር፣ ዳታው ስላስቸገረኝ እባክዎ ትንሽ ቀን ይጨምሩልኝ።» ተማሪው እውነቱን ሊሆን ይችላል። መምህሩ ግን ከዚህች መስመር ምንም ማወቅ አይችሉም። ዳታው ጠፋ? ተሳሳተ? ወይስ ተማሪው ፋይሉን ገና ትናንት ማታ ነው የከፈተው?

ይህ ማብራሪያ አንድ የዳታ ችግር ይዞ ከሥሩ ይመረምራል። ከዚያም ያንኑ ችግር የሚያስረዳ ደብዳቤ ያሳያል። ጉዳዩ የጎንደር የጤፍ ዋጋና ዝናብ ነው። ተማሪዋና መዝገቡ ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው። ቀኖቹ ግን ካላንደር ከፍቶ ማመሳከር ይቻላል።

የዳታ ችግር የሚባለው የቱ ነው?

ሁሉም ችግር የዳታ ችግር አይደለም። «ኮኢፊሸንቱ ሲግኒፊካንት አልሆነልኝም» የዳታ ችግር አይደለም፤ ውጤት ነው። እሱን ይዞ ማራዘሚያ መጠየቅ መምህሩን ከማስቆጣት ሌላ የሚፈይደው የለም። «የሞዴሉ ምርጫ ግራ ገባኝ» የሚለውም የቢሮ ሰዓት ጥያቄ ነው።

የዳታ ችግር የምንለው ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር እንለካዋለን ያልነውን ነገር ሳይለካ ሲቀር ነው። ጎደለ፣ ተደገመ፣ ወይም የማይገባው ቦታ ገባ ማለት ነው። ከሁሉም የሚከፋው ሦስተኛው ነው። የጎደለ ቁጥር ባዶ ሆኖ ይታያል። ቦታው የተሳሳተ ቁጥር ግን እንደማንኛውም ቁጥር ሙሉ ነው።

ተማሪዋ ምን ልትሠራ ነበር?

ጥያቄዋ ቀላል ነው። ክረምት ላይ የጣለው ዝናብ ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ የጤፍን ዋጋ ይቀንሳል ወይ? የሐምሌ ዝናብ የኅዳርን ዋጋ፣ የነሐሴው የታኅሣሥን ማለት ነው።

ለዚህ ሁለት ፋይል ያዘች። አንደኛው የዋጋ መዝገብ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ በየሳምንቱ የተመዘገበ የነጭ ጤፍ ዋጋ፣ ከመስከረም 2007 እስከ ጳጉሜን 2011 ዓ.ም.። መዝገቡ በእጅ የተጻፈ ነው። በየመስመሩ ቀንና ወር ብቻ አለ፤ ዓመቱ የተጻፈው ሽፋኑ ላይ ነው። ተማሪዋ ኤክሴል ላይ ገልብጣ የየወሩን አማካይ አወጣች።

ሁለተኛው የዝናብ ፋይል ነው። የሳተላይት ምስልና የጣቢያ ልኬት ተዋህደው የሚዘጋጁበትን ቺርፕስ የተባለ ነፃ ዳታ አወረደች። ቺርፕስ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀኑ አለ። እሷ ግን ለማቅለል ብላ የወሩን ድምር ወሰደች፤ ከጃንዋሪ 2015 እስከ ዲሴምበር 2019፣ ልክ 60 ወር። (ጎንደር ከተማ ላይ የዘነበው ዝናብ ጤፉ የበቀለበት ደምቢያ ላይ ከዘነበው ጋር አንድ ነው ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ጥሩ መምህር ሳይጠይቅ አያልፍም።)

ከዚያ የዋጋው ፋይል ዓመት ላይ 8 ደመረችና ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሁለቱን በዓመትና በወር ቁጥር አጋጠመቻቸው።

```
merge 1:1 year month using rain_gondar
tab _merge
```

ስታታ ለምን ዝም አለ?

ምክንያቱም ስታታ የሚያየው ቁጥር ነው። የዋጋው ፋይል ላይ ወር 1 መስከረም ነው። የዝናቡ ፋይል ላይ ወር 1 ጃንዋሪ ነው። ለስታታ ሁለቱም 1 ናቸው።

ነገሩ አንድን ፈረንጅ «ጥምቀትን ጎንደር አክብር፣ አምስተኛው ወር በገባ በ11ኛው ቀን ና» ብሎ እንደመጋበዝ ነው። እኛ ጥር 11 ማለታችን ነው። እሱ ሜይ 11 ሻንጣውን እየጎተተ ይመጣል። የፋሲል መዋኛ ጭር ብሎ ይጠብቀዋል። ቁጥሩን ማንም አልተሳሳተም።

የዋጋው ፋይል 64 ረድፍ ነበረው። 60ዎቹ ተጋጠሙ፤ 4ቱ ቀሩ። የቀሩት ጳጉሜኖች ናቸው፤ ፈረንጅ 13ኛ ወር የለውማ። አምስት ዓመት ሆኖ ጳጉሜን አራት ብቻ የሆነው የ2007 ጳጉሜን ስድስት ቀን ቢኖረውም ከእሑድ እስከ ዓርብ ስለዋለ ነው። ቅዳሜ የለበትም፤ ስለዚህ ገበያም ዋጋም የለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «60 ከ64፣ አሪፍ ነው» ብሎ አራቱን ሰርዞ ያልፋል። ጥቆማው ግን እዚያው ነበር። የጳጉሜን መቅረት የሚናገረው ስለ ጳጉሜን ብቻ አይደለም። ሁለቱ ፋይሎች የሚጠቀሙበት ካላንደር የተለያየ መሆኑን ነው።

በምን ታወቀ?

በአንድ መስመር ትእዛዝ።

```
tabstat rain, by(month) stat(mean)
```

ይህ የየወሩን አማካይ ዝናብ ያወጣል። ጎንደር ያደገ ሰው ውጤቱን ለማንበብ ኢኮኖሜትሪክስ አያስፈልገውም። ክረምቱ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ፣ ማለትም ወር 11 እና 12 ላይ ነው። በተማሪዋ ፋይል ግን ከፍተኛው ዝናብ የወረደው ወር 7 እና 8 ላይ ሆነ። ክረምቱ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ገባ ማለት ነው። ሐምሌ ደግሞ የኖቬምበር ዝናብ ደርሶት ደርቆ ቁጭ አለ።

ሁለት ፋይል ያጋጠመ ሁሉ ይህን ማድረግ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሪግሬሽን ከመሮጡ በፊት፣ መልሱን አስቀድመን የምናውቀውን ጥያቄ ዳታውን መጠየቅ። ክረምቱ መች ነው? ጤፍ ከዳጉሳ ይወደዳል? ዳታው እዚህ ላይ ከተሳሳተ ሌላውን መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ስህተቱ ውጤቱን ምን ያህል ያበላሻል?

እስኪ አንድ ረድፍ እንከተል። መጋቢት 2007 ማለት ከማርች 10 እስከ ኤፕሪል 8፣ 2015 ያለው ጊዜ ነው። ተማሪዋ 8 ደምራ «ወር 7፣ 2015» አለችው። የተሰጠው ዝናብ የጁላይ 2015 ሆነ። የመጋቢት ዋጋ ከአራት ወር ገደማ በኋላ ከሚዘንበው ዝናብ ጋር ተጋጠመ። ሌሎቹም ረድፎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ሞዴሉ ዋጋን የሚያብራራው ገና ባልዘነበ ዝናብ ነው።

ተማሪዋ ደግሞ የፈለገችው ከአራት ወር በፊት የዘነበውን ስለሆነ ዝናቡን በአራት ወር ወደኋላ ጎተተችው። ወደፊት አራት የሄደው ወደኋላ አራት ሲጎተት ዜሮ ላይ አረፈ። ስለዚህ «የአራት ወር በፊት ዝናብ» ብላ ሠንጠረዥ ላይ ያስቀመጠችው ኮኢፊሸንት የያዘው ያንኑ ወር የዘነበውን ነው።

የሚያስፈራው ውጤቱ እውነት የሚመስል መሆኑ ነው። ክረምት ላይ የአምናው እህል እያለቀ፣ መንገዱም እየጨቀየ ስለሚሄድ ጤፍ ይወደዳል። ዝናብና ውድ ዋጋ በአንድ ወቅት ይገናኛሉ። ስለዚህ ኮኢፊሸንቱ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል፤ «ዝናብ ሲጨምር ከአራት ወር በኋላ ዋጋ ይጨምራል» የሚል። መጠበቅ የነበረበት ተቃራኒው ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ለዚህ ለተገለበጠ ውጤት ሁለት ገጽ ማብራሪያ ሊጽፍለት ይችላል። «ዝናቡ በዝቶ ሰብሉን ስላበላሸው» ምናምን እያለ።

የወር ደሚ ማስገባትም አያድንም። ደሚው በየዓመቱ የሚደጋገመውን ወቅታዊ መዋዠቅ ያወጣል እንጂ የተሳሳተውን ወር ወደ ቦታው አይመልስም።

ታዲያ አራት ወር ገፋ ማድረግ አይበቃም?

አይበቃም። ወሮቹ እርስ በርስ ይቆራረጣሉ። መስከረም 2007 ውስጥ 20 የሴፕቴምበርና 10 የኦክቶበር ቀኖች አሉ። ክረምቱ የሚወጣው ደግሞ በዚያው ሰሞን ስለሆነ የቀኖቹ አቆራረጥ ቁጥሩን ይለውጣል። በዚያ ላይ ከ2007 እና ከ2011 በኋላ ያሉት ዘመን መለወጫዎች በሴፕቴምበር 12 ነው የዋሉት፤ ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች።

ትክክለኛው መንገድ የዕለቱን ዝናብ ወስዶ እያንዳንዱን ቀን ወደ እኛ ካላንደር መለወጥ፣ ከዚያ በእኛ ወር መጠቅለል ነው። ደግነቱ ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወሮች ሁሉም 30 ቀን ናቸው። ከመስከረም 1 ጀምሮ ያለውን ቀን ቆጥሮ ለ30 ማካፈል ብቻ ነው።

```
gen g = year(date)
gen start = mdy(9, 11 + (mod(g+1,4)==0), g)
replace g = g - 1 if date < start
replace start = mdy(9, 11 + (mod(g+1,4)==0), g)
gen year = g - 7
gen month = floor((date - start)/30) + 1
replace month = 12 if month == 13
collapse (mean) rain, by(year month)
```

ከመጨረሻ ሁለተኛው መስመር ጳጉሜንን ነሐሴ ላይ ይጨምራታል። ነሐሴ 35 ወይም 36 ቀን ስለሚሆን ድምር ሳይሆን የቀን አማካይ የተወሰደው ለዚህ ነው። በዋጋው ፋይልም የጳጉሜን ገበያ ወደ ነሐሴ ይገባል። እዚህ ላይ ዓመቱ የእኛው ስለሆነ 8 መደመር የሚባል ነገር የለም። ዝናቡ ግን ከሴፕቴምበር 11፣ 2014 መጀመር አለበት። ተማሪዋ ከጃንዋሪ 2015 ስለጀመረች የመጀመሪያዎቹ ወሮች ዝናብ የላቸውም። የአራት ወሩን ጉተታ ካሰብን ደግሞ ከዚያም አራት ወር ቀደም ብሎ፣ ከግንቦት 2006 ጀምሮ ያለው መውረድ አለበት።

ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ማራዘሚያ ለምን?

ልክ ነው። መምህሩም ይህንኑ ነው የሚሉት። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ማራዘሚያ መጠየቅ አይገባም ነበር።

ተማሪዋ ካላንደሩን ስታስተካክል ግን የ2009 መዝገብ ላይ «31/12» የሚል ቀን አገኘች። ነሐሴ 31 የሚባል ቀን የለም። የመዘገበው ሰው የፈረንጁን ቀን ጽፏል ማለት ነው። ዲሴምበር 31፣ 2016 ቅዳሜ ነበር፤ በእኛ ታኅሣሥ 22፣ 2009። ከእሱ በላይ ያሉትን መስመሮች አየች፤ 3/12፣ 10/12፣ 17/12፣ 24/12። እነዚህ እንደ ነሐሴ ቀን ሲነበቡ ጤነኛ ይመስላሉ። ግን ነሐሴ 3፣ 2009 ረቡዕ ነው። ገበያው ደግሞ ቅዳሜ ነው። ዲሴምበር 3፣ 2016 ሲባል ቅዳሜ ይሆናል።

ስለዚህ የኅዳርና የታኅሣሥ ዋጋ፣ አዲስ እህል ሲገባ ያለው ዋጋ፣ ነሐሴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ስንት ገጽ እንዲህ እንደሆነ ኤክሴሉ ብቻውን አይናገርም። አንዳንድ ቀን በሁለቱም ካላንደር ቅዳሜ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ለምሳሌ 14/1 መስከረም 14፣ 2009 ቢባልም ጃንዋሪ 14፣ 2017 ቢባልም ቅዳሜ ነው። እዚህ ጋ የሳምንት ቀን ማመሳከሩ አይሠራም። ያለው መፍትሔ ዋናው መዝገብ ዘንድ ሄዶ የገጾቹን ቅደም ተከተልና የጸሐፊውን እጅ ማየት ነው። መዝገቡ ያለው ቢሮ፣ ቢሮው የሚከፈተው በሥራ ሰዓት ነው። ማራዘሚያ የሚያስፈልገው ለዚህኛው ክፍል ነው። ደብዳቤውም መናገር ያለበት ይህንኑ ነው።

ደብዳቤው ምን ይመስላል?

> ቀን ________
>
> ለ ________፣ የኢኮኖሜትሪክስ መምህር
>
> ጉዳዩ፦ ለተርም ፔፐር የ7 ቀን ማራዘሚያ ስለመጠየቅ
>
> የተከበሩ መምህር፣
>
> እንደምን ሰነበቱ። በጎንደር የነጭ ጤፍ ዋጋና የክረምት ዝናብ ላይ የምሠራው ተርም ፔፐር የሚገባው በ________ ነው። ዳታው ላይ ሁለት ስህተት ስላገኘሁ እስከ ________ ድረስ 7 ቀን እንዲጨምሩልኝ እጠይቃለሁ።
>
> የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነው። በእኛ ካላንደር የተመዘገበውን ዋጋ በፈረንጆች ወር ከተጠቀለለ ዝናብ ጋር በወር ቁጥር አጋጥሜዋለሁ። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ዋጋ ከአራት ወር ገደማ በኋላ ከዘነበ ዝናብ ጋር ተያይዟል። ያወቅሁት የወር አማካዩ ከፍተኛውን ዝናብ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሲያሳየኝ ነው። ይህን የዕለት ዝናብ አውርጄ አስተካክያለሁ። ማስተካከያው አባሪ 1 ላይ ነው።
>
> ሁለተኛው መዝገቡ ውስጥ ያለ ነው። የ2009 መዝገብ ላይ ቢያንስ አምስት መስመሮች በፈረንጆች ቀን ተጽፈዋል (ለምሳሌ 31/12)። ሌሎች ገጾችም እንዲህ መሆን አለመሆናቸውን ከኤክሴሉ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ዋናውን መዝገብ እንዳይ ቢሮው ለ________ ቀጥሮኛል።
>
> ከቀጠሮው በኋላ የዋጋውን ፋይል ለማስተካከል ሁለት ቀን፣ ሪግሬሽኑን ደግሜ ሠርቼ የውጤቱን ክፍል ለመጻፍ ሦስት ቀን ያስፈልገኛል። መግቢያው፣ የጽሑፍ ዳሰሳውና የሞዴሉ ክፍል ስላለቁ እነሱን በመጀመሪያ በተቆረጠው ቀን ማስረከብ እችላለሁ።
>
> ማራዘሚያው ከውጤት ማስገቢያ ጊዜዎ ጋር የሚጋጭ ከሆነ የ2009ን ዓመት አውጥቼ በቀሩት አራት ዓመታት ብቻ ሠርቼ በቀኑ አስረክባለሁ። የትኛው እንደሚሻል እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር፣
> ________ (መለያ ቁጥር ________)
>
> አባሪ 1፦ የካላንደር ማስተካከያው ዱ-ፋይልና በፊትና በኋላ ያለው የወር ዝናብ
> አባሪ 2፦ የ2009 መዝገብ ገጽ ፎቶ

ለምን እንዲህ ተጻፈ?

ጥያቄው መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ከሰላምታና ከምርቃት ጀምረን ጥያቄውን መጨረሻ ላይ እንወሽቀዋለን። መምህሩ ግን ብዙ ተማሪ አላቸው። ምን እንደተፈለገና እስከ መቼ እንደሆነ ወዲያው ማየት ይፈልጋሉ።

ሁለቱ ስህተቶች ለየብቻ ተቀምጠዋል፤ የራሷም የመዝገቡም። ተቀላቅለው ቢቀርቡ መምህሩ የመጀመሪያውን አይተው «ይሄማ የአንድ ማታ ሥራ ነው» ብለው ሊዘጉት ይችሉ ነበር። አሁን ጊዜ የሚጠየቀው ለሁለተኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የምትናገረው ነገር መመርመር መቻሉ ነው። መጋቢት ላይ የገባውን ክረምት አባሪው ላይ ያዩታል። 31/12ን ፎቶው ላይ ያዩታል። «አመመኝ» እና «ላፕቶፔ ተበላሸ» እውነት ቢሆኑም የሚታመኑት በእምነት ነው። ይህኛው ግን በማስረጃ ነው።

አባሪው አጭር ይሁን። የመቶ ገጽ ስካን ማንም አያነብም። ደብዳቤው ደግሞ ቀጠሮው እንደተያዘ መላክ አለበት እንጂ በማስረከቢያው ዋዜማ ማታ አይደለም።

መምህሩ «አይቻልም» ቢሉስ?

ሊሉ ይችላሉ። እሳቸውም ለሬጅስትራር ውጤት የሚያስገቡበት ቀን አላቸው። ያኔ 2009 ይወጣል። ከ60 ወር 48 ይቀራል፤ በመሃል ደግሞ የአንድ ዓመት ክፍተት ይፈጠራል። የ2010 የመጀመሪያዎቹ አራት ወሮች የሚፈልጉት የ2009 ዝናብ ስለሆነ ከመውጣቱ በፊት ጉተታው ተሠርቶ ማለቅ አለበት። የተበላሸው ዋጋው እንጂ ዝናቡ አይደለም። ዋጋውን ራሱን ወደኋላ የሚጎትት ሞዴል ከሆነ ግን መስከረም 2010ም አብሮ ይወጣል፤ የቀደመው ወር ዋጋ የለውምና።

ከዚያ የዳታ ክፍሉ ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ ይገባል። «የ2009 ዓ.ም. ዋጋ አልተካተተም። በዚያ ዓመት መዝገብ የተወሰኑ መስመሮች በፈረንጆች ቀን የተጻፉ ሲሆን፣ የትኞቹ እንደሆኑ ከዋናው መዝገብ ጋር ማመሳከር አልተቻለም። በሌሎቹ አራት ዓመታት ሁሉም ቀኖች በእኛ ካላንደር ሲነበቡ ቅዳሜ ላይ ያርፋሉ።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን እንዲሁ አይጻፍም። የአራቱ ዓመት ቀኖች አንድ በአንድ ተፈትሸው ሁሉም ቅዳሜ ከሆኑ ብቻ ነው።